ከሰላምታ እስከ ስንብት፦ የዌቢናር የደቂቃ ሰሌዳ እንዴት ይዘጋጃል?



ወልድያ ባለው ዋና ግቢና በሐብሩ ወረዳ መርሳ ከተማ ባለው የግብርና ግቢ መካከል ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ማታ ላይ የሁለቱን ግቢ ተማሪዎች በአንድ አዳራሽ መሰብሰብ አይቻልም፤ በዙም ግን በአንድ ሰዓት አንድ ገለጻ መስማት ይችላሉ። በኢንተርኔት በቀጥታ የሚተላለፍ እንዲህ ያለ ገለጻ ዌቢናር ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከዌቢናር በፊት መዘጋጀት ስላለበት አንድ ወረቀት ነው፤ ማን በየትኛው ደቂቃ እንደሚናገር፣ የትኛው ስላይድ በየትኛው ቃል ላይ እንደሚቀየርና አወያዩ መድረኩን በምን ዓረፍተ ነገር እንደሚያስረክብ የሚያሳይ ወረቀት። የቴሌቪዥንና የመድረክ ባለሙያዎች ሲሠሩበት የኖሩት ነገር ነው። እኛ እዚህ የደቂቃ ሰሌዳ እንበለው።

አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋጀው ወረቀት እንዲህ ይላል፦ ሰላምታ 5 ደቂቃ፣ ቲላዋ 5 ደቂቃ፣ ገለጻ 20 ደቂቃ፣ ጥያቄና መልስ 10 ደቂቃ። ሲደመር 40 ደቂቃ ነው፤ ነጻው ዙም የሚፈቅደውም 40 ደቂቃ ስለሆነ ልክ ይመስላል። ነገር ግን በዚህ ወረቀት ላይ መዝጊያ የለም። ከአንዱ ተናጋሪ ወደ ሌላው መሸጋገሪያም የለም። ዌቢናር የሚበላሸው ደግሞ በብዛት በገለጻው መሃል ሳይሆን እዚያ መሸጋገሪያው ላይ ነው። አወያዩ «እሺ፣ ወንድማችን... አለህ? ይሰማሃል?» ይላል፤ እንግዳው ማይክራፎኑን ሳይከፍት መናገር ይጀምራል፤ ስላይዱ ገና አልመጣም። እንዲህ ያለው መሸጋገሪያ አንዱ ብቻ አንድ ደቂቃ ተኩል ሊበላ ይችላል። አምስት ስድስት መሸጋገሪያ ካለ ደግሞ አብዛኛው የጥያቄ ሰዓት እዚያው ያልቃል። ስለዚህ ጥሩ የደቂቃ ሰሌዳ ከንግግሮቹ ይልቅ መገጣጠሚያዎቹን በዝርዝር ይጽፋል።

ከመጨረሻው ወደ ኋላ መቁጠር

ለምሳሌ አንድ ፕሮግራም እንውሰድ። ርዕሱ የመውጫ ፈተና ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች በሙሉ የሚወስዱት፣ ለማለፍም 50 በመቶ የሚጠይቀው ፈተና። እንግዳው ፈተናውን አልፎ አዲስ አበባ የሚሠራ የቀድሞ ተማሪ ነው። አወያዩ ወልድያ ነው፤ መርሳ ደግሞ ተማሪዎች በአንድ ክፍል ተሰብስበው በፕሮጀክተር ይከታተላሉ። ሌሎች በየዶርማቸው በስልክ ይገባሉ።

መጀመሪያ የሚወሰነው ፕሮግራሙ የግድ የሚያበቃበት ሰዓት ነው። በወልድያ መግሪብ እንደ ወቅቱ ከ12 ሰዓት ገደማ ጀምሮ እስከ 12 ሰዓት ከ50 ገደማ ይደርሳል፤ ዒሻ ደግሞ ከዚያ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ቆይቶ ይገባል። በሁለቱ መካከል ሶላትም እራትም ስላለ ለዌቢናር የሚተርፈው ሰዓት ጠባብ ነው። ከዒሻ ጀመዓ በኋላ፣ ከምሽቱ 2፡30 ላይ መጀመር ይሠራል።

የነጻው ዙም 40 ደቂቃ የሚቆጠረው ክፍሉ ከተከፈተበት ቅጽበት ነው እንጂ አወያዩ ቢስሚላህ ካለበት አይደለም። ተማሪዎች እንዲገቡ 2፡25 ላይ ከከፈትነው 3፡05 ላይ ይዘጋል። ማይክራፎን እንሞክር ብለን 2፡15 ላይ ብንከፍተው ግን 2፡55 ላይ፣ በጥያቄው መሃል ይዘጋብናል። ስለዚህ ሙከራው በሌላ የስብሰባ ሊንክ ይደረግና ይዘጋል፤ የፕሮግራሙ ክፍል እስከ 2፡25 አይነካም።

አሁን ከ3፡05 ወደ ኋላ እንቁጠር። ሦስት ደቂቃ ማንም የማይነካው መጠባበቂያ ይሁን፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ 3፡02 ላይ ያበቃል። መዝጊያው ሁለት ደቂቃ ስለሆነ አወያዩ 3፡00 ላይ መዝጋት ይጀምራል። እንግዳው የመጨረሻ ቃሉን ለመናገር አንድ ደቂቃ ይሰጠዋል፤ ስለዚህ ጥያቄ 2፡59 ላይ ይቆማል። ለጥያቄ አሥር ደቂቃ ካስፈለገ ገለጻው 2፡49 ላይ ማለቅ አለበት። እንዲህ እየቆጠርን ስንመለስ ለገለጻው በእርግጥ የሚተርፈው 14 ደቂቃ ብቻ መሆኑ ይታያል። ይህን ለእንግዳው ከሳምንት በፊት መንገር ያስፈልጋል። 20 ደቂቃ ያዘጋጀ ሰው በቀጥታ ስርጭት ላይ ስድስት ደቂቃ መቀነስ ይከብደዋል።

ሙሉው ሰሌዳ ይህን ይመስላል፦

2፡25 — ክፍሉ ይከፈታል። ስላይድ 1፦ ርዕስ፣ «2፡30 ላይ እንጀምራለን»፣ «ማይክራፎን ይዘጋ»።
2፡30 — አወያይ፦ ሰላምታ። 1 ደቂቃ። ስላይድ 1።
2፡31 — ቲላዋ። 2 ደቂቃ። ስላይድ 2።
2፡33 — አወያይ፦ እንግዳውን ማስተዋወቅ። 1 ደቂቃ። ስላይድ 3።
2፡34 — እንግዳ፣ ክፍል አንድ፦ ፈተናው ምን ይመስላል? 7 ደቂቃ። ስላይድ 4–6።
2፡41 — አወያይ፦ ማሸጋገሪያ። 1 ደቂቃ። ስላይድ 6 ይቆያል።
2፡42 — እንግዳ፣ ክፍል ሁለት፦ ንባቡን በሴሚስተሩ ማከፋፈል። 7 ደቂቃ። ስላይድ 7–9።
2፡49 — ጥያቄና መልስ። 10 ደቂቃ። ስላይድ 10።
2፡59 — የእንግዳው የመጨረሻ ቃል። 1 ደቂቃ። ስላይድ 10 ይቆያል።
3፡00 — አወያይ፦ መዝጊያ። 2 ደቂቃ። ስላይድ 11።
3፡02 — ፍጻሜ።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ቲላዋው ሁለት ደቂቃ የሆነው ቃሪው የሚቀራቸው አያዎች አስቀድመው ስለተመረጡና በእሱው አቀራር በሰዓት ስለተለኩ ነው። «አጠር ያለ ቅራልን» ብሎ መተው ለቃሪውም ለሰዓት ያዡም ይከብዳል፤ ቲላዋን ደግሞ ማንም መሃል ላይ አያቋርጥም። በዚያን ጊዜ ስላይድ 2 የሱራውን ስምና የአያ ቁጥሮቹን ብቻ ይዞ ይቆማል፤ ምንም አይቀየርም። ሁለተኛው፣ የእንግዳው ገለጻ ለሁለት ተከፍሏል። ይህ ከማዳመጥ እረፍት ከመስጠቱ ሌላ፣ ዘግይተን ከሆነ የምናስተካክልበትን ቦታ ይፈጥራል። ወደዚህ ቆይተን እንመለሳለን።

ሰዓቱን በሁለት መንገድ መጻፍ

2፡30 ለእኛ ከዒሻ በኋላ ነው። ጅዳ ላለ ወንድም ግን 2፡30 ከቀትር በኋላ ነው። የጅዳ ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ አጠራሩ ላይ ብቻ ስለሆነ እሱ ማየት ያለበት 8፡30 ነው። ዋሽንግተን ላለ እንግዳ ደግሞ ያው ሰዓት በበጋቸው ከቀኑ 1፡30፣ በክረምታቸው 12፡30 ይሆናል፤ አሜሪካውያን በማርችና በኖቬምበር ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ፣ እኛ ግን ስለማንቀይር። ለእንግዳው በሚላከው ቅጂ ላይ በእሱ ከተማ ሰዓትና በእሱ ቀን አቆጣጠር መጻፍ፣ የሳምንቱንም ዕለት መጨመር ይህን ስህተት ይዘጋዋል። የእኛ ቅጂ በእኛ ሰዓት ይቆያል።

መገጣጠሚያውን ቃል በቃል መጻፍ

ሰሌዳው ማን መቼ እንደሚናገር ይነግረናል። ስክሪፕቱ ደግሞ መገጣጠሚያዎቹን ብቻ አውጥቶ ቃል በቃል ይጽፋል። የንግግሩ ሆድ አይጻፍም፤ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ግን ይጻፋል። ምክንያቱም ቀጣዩ ሰው የሚጠብቀው እሱን ነው። የ2፡41ዱ መሸጋገሪያ ተጽፎ ሲታይ እንዲህ ነው፦

2፡40 — አወያይ ማይክራፎኑን ይከፍታል፤ አይናገርም።
2፡41 — እንግዳ (የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር)፦ «ስለዚህ ከማንኛውም መጽሐፍ በፊት የትምህርት ክፍላችሁን ብሉፕሪንት ያዙ።»
አወያይ፦ «ጀዛከላሁ ኸይረን። ብሉፕሪንቱ የትኞቹ ኮርሶች እንደሚካተቱ ይነግረናል። አሁን የሚቀረው ኮርሶቹን በቀሩት ሳምንታት እንዴት እንደምናከፋፍል ነው። መርሳ ያላችሁ፣ ጥያቄያችሁን እየጻፋችሁ አስቀምጡ። ወንድማችን፣ ወደ ክፍል ሁለት።»
ስላይድ፦ «ወደ ክፍል ሁለት» ሲባል 7 ይከፈታል።
እንግዳ፦ ስላይድ 7ን ሲያይ ይጀምራል።

አወያዩ እንግዳውን «ይሰማሃል?» ብሎ አልጠየቀም። የእንግዳውን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ስለሚያውቅ አንድ ደቂቃ ቀድሞ ማይክራፎኑን ከፍቷል፤ እንግዳውም «ወደ ክፍል ሁለት» የሚለውን ቃል ይጠብቃል። የአወያዩ ንግግር ምን ያህል እንደሚፈጅ ለማወቅ በስልክ ሰዓት ይዞ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። የእንግሊዝኛ መመሪያዎች በደቂቃ ይህን ያህል ቃል ይነበባል ይላሉ፤ የአማርኛ ቃል ግን ግሱንም ባለቤቱንም ተሳቢውንም በአንድ ላይ ስለሚይዝ ያ ስሌት ለእኛ አይሠራም። በልብ የተነበበ ጽሑፍም አብዛኛውን ጊዜ በድምፅ ሲነበብ ከሚወስደው ጊዜ ያጥራል።

ስላይዱን የሚያዞረው ማን ነው?

እንግዳው ራሱ ስላይዱን ቢያጋራ ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ ድምፁም ስላይዱም አብረው ይጠፋሉ። ስለዚህ ስላይዱ በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ይሁን። ያ ሰው የእንግዳውን አጭር ዝርዝር ይዞ ስላይድ የሚቀየርባቸውን ቃላት አስምሮባቸዋል። እንግዳው ከዝርዝሩ ቢወጣ «ቀጣይ» የምትል አንዲት ቃል ተስማምተውባታል፤ ሌላ ነገር አያስፈልግም።

አዙሩ የሚለው ቃልና ስላይዱ ተመልካቹ ጋ የሚደርስበት ጊዜ አንድ አይደሉም። ደካማ በሆነ የሞባይል ዳታ ላይ በርካታ ሰከንዶች ሊዘገይ ይችላል። ለዚህ ነው ስላይዱ የአዲሱ ሐሳብ የመጀመሪያ ቃል እስኪነገር ሳይጠበቅ ያለፈው ዓረፍተ ነገር ሲያልቅ የሚቀየረው። ዙም የሚያስተላልፈው የስክሪኑን ምስል ስለሆነ ብዙ ፎቶና እንቅስቃሴ ያለበት ስላይድ ከባድ ነው፤ በነጭ ላይ ትልልቅ ፊደል ያለው ደግሞ ቶሎ ይደርሳል፤ በስልክም ይነበባል።

መዘግየቱን ወልድያ ላይ ተቀምጦ ማወቅ አይቻልም፤ የሚያዞረው ሰው ስክሪን ላይ ሁሉም ነገር ወዲያው ነው የሚታየው። ስለዚህ መርሳ ያለ አንድ ሰው ለአዘጋጆች ብቻ በተከፈተ የቴሌግራም ግሩፕ «7 ደርሷል»፣ «8 ደርሷል» እያለ ይጽፋል። «7 ደርሷል» ሳይመጣ አሥር ሰከንድ ካለፈ አወያዩ ስላይዱ ላይ የተጻፈውን በቃል ያነባል።

መርሳ ላይ ሌላም የሚጠበቅ ነገር አለ። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት መሣሪያዎች ማይክራፎንና ስፒከር ከፍተው ከገቡ የአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው እየገባ ይጮኻል። ጩኸቱ አንድ ሰው ማይክራፎን በከፈተ ቁጥር የሚጀምር ከሆነ ምክንያቱ ይህ ነው። መፍትሔው በክፍሉ ውስጥ አንድ ላፕቶፕ ብቻ ድምፅ እንዲኖረው ማድረግ ነው፤ የሌሎቹ ስልኮች ድምፅ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል።

ለተናጋሪው ሰዓት መንገር

እየተናገረ ያለ ሰው ቴሌግራም አያነብም። ስለዚህ ሰዓት ያዡ በቪዲዮ ላይ ወረቀት ያሳየዋል፦ «5»፣ «2»፣ «ጨርስ»። ሦስት ወረቀት ብቻ፣ በወፍራም ማርከር የተጻፈ። ዙም የራሳችሁን ምስል ለእናንተ እንደ መስታወት ገልብጦ ያሳያችኋል፤ ወረቀቱ ተገልብጦ ቢታያችሁ አትደንግጡ፤ ለእንግዳው በትክክል ነው የሚታየው። እንግዳው ካላየ የአወያዩ ካሜራ መከፈት ራሱ ምልክት ይሁን፤ «ፊቴን ስታይ ሁለት ደቂቃ ቀርቶሃል» ብሎ አስቀድሞ መስማማት ይበቃል።

መብራት ሲጠፋ

አወያዩና ስላይድ የሚያዞረው ሰው በአንድ ሕንፃ ውስጥ ካሉ አንድ የመብራት መቆራረጥ ሁለቱንም ይወስዳል። ስለዚህ ያው የስላይድ ፋይል መርሳ ባለው ላፕቶፕም ላይ ይቀመጥ። በነጻው ዙም ስክሪን ማጋራት ለአዘጋጁ ብቻ ተፈቅዶ ሊሆን ስለሚችል ከመጀመሩ በፊት ለተሳታፊዎች መከፈቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከዚያ በሰሌዳው ግርጌ አንድ መስመር ይጻፋል፦ «የወልድያ ድምፅ ከ20 ሰከንድ በላይ ከጠፋ የመርሳው ወንድም ‹የወልድያ ግንኙነት ለጊዜው ተቋርጧል፤ እንግዳችን ይቀጥላል› ይላል፤ ስላይዱንም ያጋራል።» አዘጋጁ ቢወጣም ክፍሉ ወዲያው አይዘጋም፤ ችግሩ ዝም ማለቱ ነው። ማን ይናገር እየተባለ ሁሉም ሲጠባበቅ ተማሪው ይወጣል።

አሁን በቁጥር እንየው። ሰላምታውና ማስተዋወቁ ሁለት ደቂቃ ረዘሙ፤ እንግዳው 2፡36 ላይ ጀመረ። 2፡39 ላይ መብራት ጠፋ፤ የመርሳው ሰው እስኪረከብ ሁለት ደቂቃ ባከነ። ክፍል አንድ 2፡41 ላይ ማለቅ ሲገባው 2፡45 ላይ አለቀ። አራት ደቂቃ ዘግይተናል። ማሸጋገሪያው ለዚህ ነው የሚጠቅመው፤ ሰዓት ያዡ በዚያች አንድ ደቂቃ ውስጥ በግሩፑ «8 ይዘለል፣ ጥያቄ 8 ደቂቃ» ብሎ ይጽፋል፤ አወያዩም እንግዳውን «ክፍል ሁለትን በአምስት ደቂቃ» ይለዋል።

ስላይድ 8 የተመረጠው በዘፈቀደ አይደለም። የጥናት ሰሌዳ ምሳሌ ነው፤ ተማሪው በኋላ በቴሌግራም አውርዶ ብቻውን ሊያነበው ይችላል። የሚዘለለው ስላይድ ሰሌዳው ሲዘጋጅ ተመርጦ ኮከብ ይደረግበታል፤ እንግዳውም ያውቃል። ውጤቱን ስንቆጥር ማሸጋገሪያው 2፡46 ላይ ያበቃል፤ ክፍል ሁለት አምስት ደቂቃ ወስዶ 2፡51፣ ጥያቄ ስምንት ደቂቃ ወስዶ 2፡59 ላይ ያበቃል። ወደ ሰሌዳችን ተመልሰናል፤ መጠባበቂያው ሦስት ደቂቃም አልተነካም።

መዝጊያው ሁለት ደቂቃ ግን አይቀነስም። የስላይዱ ፋይል የት እንደሚገኝ የሚነገረው እዚያ ነው፤ ያልተመለሱ ጥያቄዎች መቼ እንደሚመለሱ የሚነገረውም እዚያው ነው። ጥያቄዎቹን የእህቶችና የወንድሞች ተጠሪዎች አስቀድመው በጽሑፍ ሰብስበው ካዘጋጇቸው ስምንት ደቂቃም ይበቃል፤ በቀጥታ ማይክራፎን የሚከፈተው ለመርሳ ክፍል አንድ ጥያቄ ብቻ ይሆናል።

ልምምዱ

ሙሉውን ፕሮግራም መለማመድ አያስፈልግም፤ እንግዳውም ጊዜ የለውም። ዋዜማው ላይ በሌላ ሊንክ ተገናኝታችሁ መገጣጠሚያዎቹን ብቻ ሂዱባቸው። አወያዩ ማስረከቢያውን ይናገራል፤ ቃሪው ማይክራፎን ከፍቶ የመጀመሪያዋን ቃል ብሎ ያቆማል፤ ከዚያ በቀጥታ ወደሚቀጥለው ማስረከቢያ። ስላይዶቹ ሁሉ በየቃላቸው ይቀየራሉ፤ መርሳም «ደርሷል» እያለ ይጽፋል። በመጨረሻ ወልድያ ያለው ሆን ብሎ ኢንተርኔቱን ያጥፋ፤ መርሳ በ20 ሰከንድ ውስጥ ከተናገረ ሰሌዳው ይሠራል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት አይሞላም።

ሰሌዳውን አትማችሁ ለአምስት ሰው ስጡ፦ ለአወያዩ፣ ለእንግዳው፣ ለሰዓት ያዡ፣ ስላይድ ለሚያዞረውና ለመርሳው ተጠሪ። ከፕሮግራሙ በኋላ ሰዓት ያዡ እያንዳንዱ ክፍል በእርግጥ የጀመረበትን ደቂቃ ከጎኑ በእስክሪብቶ ይጻፍበት። በሚቀጥለው ጊዜ ሰላምታ አንድ ደቂቃ ይበቃል አይበቃም ብላችሁ ስትከራከሩ መልሱ እዚያ ወረቀት ላይ ይኖራል።